አፑ ቻይንኛ ብቻ ሲሆን፦ ስማርት ባንዳችንን እንዴት እናስጀምር?



ዶርም ውስጥ የሱብሒ አላርም ሁሌም ያጨቃጭቃል። ስልኩ ሲጮኽ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያጠና ያመሸውንም ጭምር ይቀሰቅሳል። በእጅ ላይ የሚንቀጠቀጥ ባንድ ግን ባለቤቱን ብቻ ያነቃል። ስድስት ኪሎ ግቢ ያለ አንድ ወንድማችን ለዚሁ ብሎ ርካሽ ባንድ ገዛ፤ አፑን ሲከፍተው ግን ከላይ እስከ ታች ቻይንኛ ሆነበት። አብረን ተቀምጠን ስንፈታው ያየነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ የተገነዘብነው ጥፋቱ በከፊል ከስልኩ መሆኑን ነው። የወንድማችን ስልክ በአማርኛ ነው የሚሠራው። አንድሮይድ ላይ አፕ ሲከፈት የስልኩን ቋንቋ ይፈልጋል፤ ካጣው ሠሪው መነሻ ወዳደረገው ቋንቋ ይመለሳል። ሠሪው ቻይናዊ ከሆነ መነሻው ቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ እንግሊዝኛው አፑ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ ማለት ነው። ስለዚህ ሴቲንግ (በአማርኛ ስልክ «ቅንብሮች») ገብታችሁ የቋንቋዎች ዝርዝር ላይ እንግሊዝኛን ወይም የምታነቡ ከሆነ ዐረብኛን ከአማርኛ ቀጥሎ ጨምሩ። አፑን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱት። ካልተለወጠ እንግሊዝኛውን ለጊዜው አንደኛ አድርጉትና ድገሙ። ለብዙዎች ችግሩ እዚህ ላይ ያበቃል።

የወንድማችን አፕ ግን አሁንም ቻይንኛ ሆነ። በእርግጥም ሌላ ቋንቋ አልነበረውም። ያኔ ያለው መንገድ እያንዳንዱን ገጽ ስክሪንሾት አንስቶ በጉግል ትርጉም አፕ ምስሉን ማስተርጎም ነው። ትርጉሙ ቃል በቃል ስለሚሆን አንዳንዴ ያሳስታል፤ ለምሳሌ 绑定 «ማሰር» ተብሎ ይመጣል፤ ባንዱን ከስልኩ ጋር ማገናኘት ማለት ነው። ስለዚህ ጥቂት ቃላትን በቅርጻቸው መለየት ይጠቅማል። 同意 «እስማማለሁ» ነው፤ ከፊቱ 不 ካለበት «አልስማማም» ይሆናል። 跳过 «እለፍ»፣ 添加设备 «መሣሪያ ጨምር»፣ 确定 «እሺ»፣ 取消 «ሰርዝ»፣ 保存 «አስቀምጥ» ናቸው። ፈቃድ የሚጠይቁት ትንንሽ መስኮቶች ግን ከስልኩ ከራሱ ስለሚመጡ በስልኩ ቋንቋ ነው የሚታዩት። ብሉቱዝን ወይም በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን ፍቀዱ፤ አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባንዱን ለመፈለግ የአካባቢ ፈቃድም ያስፈልጋል። የስልክ ቁጥሮቻችሁንና መልእክቶቻችሁን ግን ለአላርም ስትሉ መስጠት የለባችሁም።

ባንዱን ከስልኩ የብሉቱዝ ገጽ ሳይሆን ከአፑ ውስጥ አገናኙት። አስቀድማችሁ በብሉቱዝ ገጽ ካገናኛችሁት አፑ ላያገኘው ይችላል፤ ያኔ ከብሉቱዝ ዝርዝሩ ላይ አጥፍታችሁ ከአፑ እንደገና ሞክሩ።

ቀጥሎ የመጣው ስሕተት ከሁሉም የባሰ ነበር። ወንድማችን 闹钟፣ ማለትም አላርም የሚለውን ገጽ ከፍቶ ሱብሒን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ብሎ ስላሰበ 11:00 ሞላ። ባንዱ ግን ሰዓቱን ከስልኩ ነው የሚወስደው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሞላ ስልክ ላይ ከሌሊቱ 11 ሰዓት 5:00 ነው። አላርሙ የተንቀጠቀጠው ረፋድ 5 ሰዓት ላይ፣ ክፍል ውስጥ ሆነ። በማግስቱ 5:00 ሞላ፤ አሁንም ሱብሒ አለፈው። ሁለት ምልክቶች ተምታተውበት ነበር፦ 上午 ከቀትር በፊት፣ 下午 ከቀትር በኋላ ማለት ነው። 上 መስመሩ ከታች፣ 下 ደግሞ ከላይ ነው። እርሱ የመረጠው ሁለተኛውን ስለነበር ባንዱ የነዘረው ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነው። በተጨማሪ 每天፣ ማለትም «በየቀኑ» የሚለው ካልተመረጠ አላርሙ አንድ ቀን ብቻ ሊሠራ ይችላል።

ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት ፈትኑት። ከሁለት ደቂቃ በኋላ እንዲነዝር አላርም ሙሉ፤ 保存 ብላችሁ ካስቀመጣችሁ በኋላ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፉ። ባንዱ ከነዘረ አላርሙ እርሱ ላይ ተቀምጧል፤ ሌሊት ስልኩ ቢጠፋም ያነቃችኋል። ካልነዘረ ከስልኩ ጋር እንደተገናኘ ማደር አለበት ማለት ነው።

በዚህ ሁሉ የማይፈታ አንድ ነገር አለ። አንዳንድ አፕ ሳይመዘገቡ አያስገባም፤ ምዝገባውም 手机号፣ ማለትም የስልክ ቁጥር ይጠይቅና +86 ብቻ ይቀበላል። 邮箱 (ኢሜይል) ወይም 跳过 ገጹ ላይ ካለ በዚያ ግቡ። ከሌለ የ+251 ቁጥራችን አያልፍም። ስለዚህ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ አፑን በራሳችሁ ስልክ ከፕሌይ ስቶር ጫኑና ባንዱ እስኪገናኝ ድረስ ሞክሩት። እዚያ ያልተገናኘ ባንድ ዶርም ውስጥም ላይገናኝ ይችላል።