«አሽቴ»፣ «አፕሌ»፣ «ዥቴ»፦ ድምፁን ተከትሎ የሚለወጥ ፊደል

በፈረንሳይኛ «ማንዤ» (መብላት) እና «ኮማንሴ» (መጀመር) ፊደላቸው የሚለወጠው ድምፃቸው እንዳይለወጥ ነው። «እንበላለን» ለማለት ከ«ዤ» ፊደል ቀጥሎ «ኧ» ባይገባ፣ ንባቡ «ጎ» ወደሚል ድምፅ ይሄድ ነበር። «አሽቴ» (መግዛት)፣ «አፕሌ» (መጥራት) እና «ዥቴ» (መጣል) ግን ተቃራኒ ናቸው፤ ድምፁ ራሱ ይለወጣል፣ ፊደሉም ይከተለዋል።

ነገሩን ከሳድሳችን ጋር ባስተያየው ይቀለኛል። በግንዱ ውስጥ ያለችው «ኧ» እንደ ሳድስ ትዋጣለች፤ «ኑ አሽቶን» (እንገዛለን) ስንል አትሰማም። ተከታዩዋ ቀለም ራሷ ድምፅ አልባ «ኧ» ስትሆን ግን የግንዱ «ኧ» «ኤ» ሆና ትገለጣለች፦ «ዣሼት» (እገዛለሁ)። ይህን «አሽቴ» በአክሳን ግራቭ ምልክት ያሳያል፤ «አፕሌ» «ኤል»ን፣ «ዥቴ» ደግሞ «ቴ»ን ይደግማሉ።

ተማሪዎቼ አብዝተው የሚስቱት በትንቢት ጊዜ ነው። ንዑስ አንቀጹን አይተው ምልክቱን ይተዉታል፤ ነገር ግን በንዑስ አንቀጹ መጨረሻ የምትሰማው «ኤ» በትንቢት ድምፅ አልባ ስለምትሆን፣ «ኢል አሼትራ» (ይገዛል) አክሳኑን ይፈልጋል። «ኢል አፔልራ» (ይጠራል) በሚለውም «ኤል» ይደገማል።

በ1990 እ.ኤ.አ. የወጣው የአጻጻፍ ማስተካከያ በዚህ ወገን ላሉ ግሦች በጠቅላላ አክሳኑን መክሯል፤ «አፕሌ»ና «ዥቴ» ከነቤተሰቦቻቸው ግን መድገሙን እንደያዙ ቀርተዋል።