ሦስት ላሞችና አንድ የርክክብ ማስታወሻ

ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የወተት ላሞች እርባታ 9 ዓመት በኃላፊነት ሠርቻለሁ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ ስለቅ ባለቤቱ የጠየቁኝ ንብረት ቆጥሬ እንዳስረክብ ነበር። ባልዲው፣ የወተት ቢዶኑ፣ ሚዛኑ፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ፉርሽካ ተቆጥሮ ተፈረመበት፤ ግማሽ ቀን አልፈጀም። ላሞቹ ግን በቁጥር ብቻ የሚረከቡ አይደሉም። «21 የሚታለቡ ላሞች» የሚለው መስመር ወለላ የኋላ ግራ ጡቷ እንደሚያስቸግራት፣ ቦራም ስትወልድ ልትወድቅ እንደምትችል አይናገርም። ስለዚህ ለሚተካኝ ልጅ በ4 ገጽ ማስታወሻ ጻፍኩለት። ጽፌ ስጨርስ መልሼ ሳነበው፣ በሽታ ብዬ ከጻፍኩት አብዛኛው ከግርግሙ ጋር የተያያዘ ሆኖ አገኘሁት፤ ምን እንደሚበሉ፣ መቼ እንደሚበሉ፣ መኖው በምን ያህል ፍጥነት እንደሚለወጥ።

የመኖው ነገር ሲጻፍ ቀላል ነው። ድርቆሽ ወይም የጤፍ ጭድ ከፊታቸው አይጠፋም፤ ውኃም እንደዚሁ። በዚያ ላይ ከፉርሽካ፣ ከኑግ ፋጉሎ፣ ከተፈጨ በቆሎ፣ ከጨውና ከኖራ የተዘጋጀ ድብልቅ መኖ ለአንድ ሊትር ወተት ግማሽ ኪሎ ያህል ይሰጣል። 14 ሊትር የምትታለብ ላም 7 ኪሎ ይደርሳታል ማለት ነው። ይህን ማንም አርቢ ያውቀዋል። ማስታወሻው ውስጥ በቀይ ያሰመርኩት ግን ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ነው፤ 7ቱ ኪሎ ለሦስት ጊዜ ይከፈላል፣ ሁልጊዜም ድርቆሽ ይቀድማል።

ይህን ያስተማረችኝ ዳልቻ ናት። በዐቢይ ጾም የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ብዙ አርቢ የመኖ ወጪ ለመቆጠብ ድብልቁን ይቀንሳል፤ እኛም የዳልቻን ከ7 ወደ 3 ኪሎ አወረድነው። ፋሲካ ሲገባ ደንበኞች ተመለሱ፣ ስልክ በዛ። እኔም በማግስቱ 7ቱን ኪሎ መለስኩላት፤ ያውም ሰው ስላነሰን ለሁለት ጊዜ ብቻ ከፍዬ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስገባ ተኝታ አገኘኋት፤ አታመሰኳም። ፋንድያዋ ቀጥኗል፣ አረፋ ይዟል፣ የበቆሎ ስባሪ እንዳለ ይታይበታል፣ ሽታው ይኮመጥጣል። 13 ሊትር ትሰጥ የነበረችው ላም በዚያን ቀን 6 ብቻ ታለበች።

የላም ትልቁ ጨጓራ ውስጥ መኖውን የሚያብላሉት በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ናቸው። ጭድና ድርቆሽ የሚያብላሉት ሌሎች ናቸው፣ እህል የሚያብላሉት ሌሎች። ለሁለት ወር ጭድ የለመደ ጨጓራ ድንገት በቆሎና ፉርሽካ ሲሞላበት እህል ወዳዶቹ በአንድ ጊዜ ይበዙና አሲድ ያመርታሉ። ላሟ ብታመሰኳ ምራቋ አሲዱን ያበርደው ነበር፤ እሷ ግን የምታመሰኳው በዋናነት ድርቆሽና ጭድ ስትበላ ነው። ሐኪሙ መጥቶ አክሞ፣ ድብልቁን አስቁሞ ድርቆሽ ብቻ እንድትበላ አዘዘ። በሳምንት ተሻላት ብለን ደስ አለን። ሰኔ ላይ ግን ማነከስ ጀመረች። አሲዱ ያመጣው ጉዳት ወደ ኮቴዋ ወርዶ ኖሯል። ዛሬም ሲሚንቶው ላይ ስትሄድ ጀርባዋን ታጎብጣለች፤ አዲሱ ልጅ ኮቴዋ በወቅቱ መስተካከሉን እንዲከታተል ጽፌለታለሁ።

ለመጪው ፋሲካ የተውኩለት መመሪያ አጭር ነው። በየሁለት ቀኑ ግማሽ ኪሎ ብቻ ጨምር። ከ3 ወደ 7 ለመድረስ 16 ቀን ይወስዳል፤ ስለዚህ ጭማሪው የሚጀመረው ከበዓሉ በፊት ነው። ባለቤቱ ለምን ቶሎ አልሆነም ካሉህ ዳልቻን አሳያቸው። መንገዱ ትክክል መሆኑን ደግሞ እንዲህ ታውቃለህ፤ ከቀትር በኋላ በረት ግባና ከተኙት ላሞች ስንቱ እንደሚያመሰኩ ቁጠር። ከ10 ቢያንስ 6 ካላመሰኩ የዚያን ቀን አትጨምር።

ሁለተኛዋ ወለላ ናት። ለዓይን ጤነኛ ነች፣ ግቷ አያብጥም፣ አይሞቅም። ነገር ግን የኋላ ግራ ጡቷን በጥቁር ጨርቅ ላይ ስታልብ አልፎ አልፎ እንደ አይብ ፍርፋሪ ያለ ነገር ይወጣል። ስለዚህ የምትታለበው ከሁሉም መጨረሻ ነው፤ በአላቢው እጅና በፎጣ በሽታው ወደ ሌሎቹ እንዳይሻገር። መድኃኒት ስትወስድ የኋላ እግሯ ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰራል፤ ሐኪሙ የነገረህ ቀን ሳያልቅ ወተቷ ከሌላው አይቀላቀልም፣ አይሸጥም።

እዚህም ግርግሙ አለበት። ላም ከታለበች በኋላ የጡቷ ቀዳዳ ለግማሽ ሰዓት ያህል ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። በዚያች ሰዓት እበት ላይ ከተኛች ተሕዋስያኑ ያለ ከልካይ ይገባሉ። ላም ሳትወድ ቁሚ ብትባል አትቆምም፤ ፊቷ ትኩስ ድርቆሽ ካለ ግን ትቆማለች። ስለዚህ ድርቆሹ የሚታደለው ከአለባ በኋላ ነው። አላቢዎቹ እንዳይረገጡ ብለው እያለቡ ሊያበሉ ይፈልጋሉ፤ ጥቂት ድብልቅ ማቅመስ ይቻላል፣ ዋናው ግን ይቆይ።

ቦራን መጨረሻ ያደረኳት በጣም ስለማስብላት ነው። የካቲት 12 ተዳቀለች፤ በ280 ቀን ብናሰላ ኅዳር 17 አካባቢ ትወልዳለች። በመስቀል ዕለት አንጥፈናታል። ባለፈው ስትወልድ የወተት ትኩሳት የሚባለው ይዟት ነበር። ስሙ ያሳስታል እንጂ ትኩሳት የለውም፤ ሰውነቷ እንዲያውም ይቀዘቅዛል። ወተት ድንገት ሲወርድ የደሟን ካልሲየም ጠርጎ ይወስደዋል፣ ጡንቻዋ ይከዳታል፣ ትወድቃለች።

አዲሱ ልጅ ሲያነበው የደነገጠው እዚህ ነው። «ጋሼ፣ ካልሲየም የሚያንሳት ከሆነ ኖራ ለምን እንከለክላታለን?» አለኝ። ጥያቄው ልክ ነው። ከመውለዷ በፊት ባሉት 3 ሳምንታት ከመኖ ብዙ ካልሲየም ካገኘች ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን ይተወዋል። የወለደች ዕለት ግን ከመኖ የሚገኘው አይበቃም፤ አጥንቷ መስጠት አለበት፣ ያንን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ ከጥቅምት 26 ጀምሮ ኖራ የሌለበት ድብልቅ ለብቻዋ፤ ስትወልድ ኖራው ይመለሳል። ይህ አደጋውን ያቀላል እንጂ አያጠፋም፤ አንዴ የያዛት ላም ዳግም ሊይዛት ይችላል።

ኅዳር 18 ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ ቦራ በሰላም ወልዳለች፣ አሁን ግን አትነሳም። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋለች።» ጆሮዋን ዳስስ አልኩት። «በረዶ ነው» አለኝ። ሐኪሙን እንዲጠራ፣ እስኪደርስም በጎኗ እንዳትዘረጋ በደረቷ ደግፎ በጭድ ጆንያ እንዲያስቀምጣት ነገርኩት። አንድ አላቢ ዘይት እናጠጣት ብሎ ነበር፤ እንዳትሞክሩት አልኩ፣ መዋጥ ስለማትችል ወደ ሳንባዋ ይገባል። ሐኪሙ ካልሲየሙን በደም ሥሯ ቀስ እያለ፣ ልቧን እያዳመጠ ሰጣት፤ ቶሎ ከገባ ልብ ያቆማል።

ሊነጋ ሲል ደግሞ ደወለ። አግስታለች፣ ከዚያም ቆማለች። ግቷ ተወጥሯል፣ እንለባት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ለጥጃዋ የሚበቃውን እንገር ብቻ አውጣ አልኩት፤ ዛሬ አታሟጥጣት፣ የቀረው ነገ ይታለባል።