የእቁቡ 12,000 ዶላር፦ በአንዴ ይግባ ወይስ በየወሩ?

እንበልና ሜሪላንድ ውስጥ ተቀጥራችሁ ትሠራላችሁ። ደሞዝ በየሁለት ሳምንቱ ይገባል፤ አክሲዮን ግን ገዝታችሁ አታውቁም። ወር በወር 1,000 ዶላር ስትጥሉበት የከረማችሁት የአሥራ ሁለት ሰው እቁብ ዛሬ ደረሳችሁ። የመጨረሻው ዕጣ ስለሆነ ቀሪ የምትከፍሉት የለም። ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጣችኋል፤ ይህንን 12,000 ዶላር ግን ለአሥርና ለአሥራ አምስት ዓመት አትነኩትም። ስለዚህ የኤስ ኤንድ ፒ 500 ኢንዴክስ ፈንድ ልትገዙበት አሰባችሁ። የአሜሪካን 500 ያህል ትልልቅ ኩባንያዎች ድርሻ በአንድ ላይ የያዘ ቅርጫት ነው ብላችሁ ያዙት።

ይህንን ለጓደኞቻችሁ ስትነግሩ ሁለት ምክር ይመጣል። አንዱ «ኧረ በአንዴ እንዳታስገቡት፣ ነገ ቢወድቅስ? በየወሩ አንድ አንድ ሺህ አስገቡ» ይላል። ሌላው ደግሞ «ገበያ ውስጥ የገባ ገንዘብ ነው የሚያድገው፣ ምን ያስጠብቃችኋል?» ይላል። የመጀመሪያው መንገድ በእንግሊዝኛ ስሙ ዶላር ኮስት አቨሬጂንግ ይባላል፤ እኔ እዚህ «ከፋፍሎ መግዛት» እለዋለሁ። ሁለቱም ሰዎች የተናገሩት ውሸት አይደለም። ግን ስንት ዶላር ያስከፍላል፣ ስንት ዶላርስ ያድናል የሚለውን አብዛኛው ሰው አያሰላውም። እሱን ነው የምናሰላው።

መጀመሪያ አንድ የሚምታታ ነገር እንለይ። ከደሞዛችሁ በየወሩ 300 ዶላር ለፈንዱ የምታስገቡ ከሆነ፣ ወይም በመሥሪያ ቤት በኩል ከደሞዝ የሚቆረጥ የጡረታ ቁጠባ ካላችሁ፣ ይሄ ክርክር እናንተን አይመለከትም። የመጋቢት ደሞዝ በጥር እጃችሁ ላይ የለም፤ ስለዚህ «በአንዴ ላስገባው ወይ?» የሚል ምርጫም የለም። በየወሩ ያገኛችሁትን በአንዴ እያስገባችሁ ነው ማለት ይቻላል። ጥያቄው የሚነሳው ሙሉው ገንዘብ ዛሬ እጅ ላይ ሲኖር ብቻ ነው፤ እቁብ ሲደርስ፣ ቦነስ ሲመጣ፣ ወይ መኪና ሲሸጥ።

ከፋፍሎ መግዛትን የሚደግፉ ሰዎች የሚያቀርቡት ዋና መከራከሪያ አማካይ ዋጋ ነው። «ዋጋው ሲወርድ ብዙ ትገዛላችሁ፣ ሲወጣ ትንሽ ትገዛላችሁ፤ ስለዚህ የገዛችሁበት ዋጋ ከገበያው አማካይ ያነሰ ይሆናል» ይላሉ። ሒሳቡ ትክክል ነው። ችግሩ የሚነጻጸረው ነገር ላይ ነው። አንድ ድርሻ በሦስት ወር ውስጥ 100፣ 110፣ 120 ዶላር ሆነ እንበል። በየወሩ 1,000 ዶላር ካስገባችሁ በመጀመሪያው ወር 10 ድርሻ፣ በሁለተኛው 9.09፣ በሦስተኛው 8.33፣ በድምሩ 27.42 ድርሻ ትገዛላችሁ። አንዱ ድርሻ በአማካይ 109.4 ዶላር ወጣበት ማለት ነው፤ የሦስቱ ወር ዋጋ አማካይ ግን 110 ነው። አያችሁ፣ እንደተባለው ከአማካዩ አንሷል። ነገር ግን 3,000 ዶላሩን በመጀመሪያው ቀን ያስገባ ሰው በ100 ዶላር ሒሳብ 30 ድርሻ ገዝቷል! ከአማካዩ በታች መግዛት ዋጋው ከወር ወር እስከተቀያየረ ድረስ ሁልጊዜ እውነት ነው፤ እየከሰራችሁም ቢሆን እውነት ነው። ስለዚህ ለማነጻጸር አይጠቅምም።

ትክክለኛው ማነጻጸሪያ ገንዘቡ ከገበያ ውጭ የሚቆይበት ጊዜ ነው። 12,000ውን ለአሥራ ሁለት ወር ስትከፋፍሉት የመጀመሪያው ሺህ ዛሬውኑ ይገባል፣ ሁለተኛው አንድ ወር ይጠብቃል፣ የመጨረሻው አሥራ አንድ ወር ይጠብቃል። አማካዩን ስታወጡ እያንዳንዱ ዶላር 5.5 ወር ውጭ ቆሟል። አሁን ገበያው ከቁጠባ ሒሳብ ይልቅ በዓመት 5 በመቶ የበለጠ ያስገኛል ብለን እንነሳ። ይህ ግምት ነው፤ ዋስትና የለውም፤ በራሳችሁ ግምት ልትተኩት ትችላላችሁ። የ12,000 አምስት በመቶ 600 ዶላር ነው፤ ከዓመቱ ውስጥ 5.5 ወሩ ስለሚያመልጣችሁ የምታጡት ወደ 275 ዶላር፣ ማለትም 2.3 በመቶ ያህል ይሆናል። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ስለሆንኩ እንዲህ ያለ ነገር ሲገኝ ደስ ይለኛል፦ ምንም ታሪካዊ መረጃ ሳናገላብጥ፣ በአንድ ማባዛት፣ ከፋፍሎ የመግዛትን ዋጋ አገኘን።

መረጃውን ላገላበጡትም የወጣው ተመሳሳይ ነው። ቫንጋርድ የተባለው የፈንድ ኩባንያ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት የአሜሪካን ገበያ ከ1926 ጀምሮ ተመልክቶ፣ በአንዴ ማስገባት በአሥራ ሁለት ወር ከፋፍሎ ከማስገባት የተሻለው ከሦስት ጊዜ ሁለቱን ያህል መሆኑን አገኘ። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም፤ ገበያው ከወረደባቸው ዓመታት የወጣባቸው ስለሚበዙ ነው። ግን ከሦስት አንዱ ጊዜስ? አንድ ጊዜ ብቻ እቁብ ለሚደርሰው ሰው «በአማካይ» የሚለው ቃል ብዙም አያጽናናም።

ስለዚህ ሁለት ተከታታይ እውነተኛ ዓመታት እንውሰድ። የምጠቀመው በየወሩ መጨረሻ ቀን የተመዘገበውን የኤስ ኤንድ ፒ 500 መዝጊያ ቁጥር ነው፤ የትርፍ ክፍፍልና የቁጠባ ወለድ አልጨመርኩም።

እቁቡ የደረሳችሁ በ2021 መጨረሻ ነው እንበል። ኢንዴክሱ 4,766 ላይ ነበር። ሁሉንም በአንዴ ያስገባ ሰው በ2022 መጨረሻ፣ ኢንዴክሱ 3,840 ገደማ ሲደርስ፣ 9,670 ዶላር ያህል ብቻ ቀረው። በየወሩ 1,000 እያደረገ ያስገባው ግን 11,160 አካባቢ ነበረው። የ1,490 ዶላር ልዩነት ነው፤ ለጀማሪ ትንሽ አይደለም።

አሁን ያው እቁብ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2022 መጨረሻ ይድረሳችሁ። ጋዜጣው ሁሉ ስለ ዋጋ ንረትና ስለ ወለድ የሚያወራበት፣ ማንም «አሁን ግዙ» የማይልበት ጊዜ ነበር። በአንዴ ያስገባ ሰው በ2023 መጨረሻ 14,910 ዶላር ያህል ሲኖረው፣ የከፋፈለው 13,520 አካባቢ ኖረው። 1,390 ዶላር ገደማ አመለጠው ማለት ነው። ሰዉም፣ ገንዘቡም፣ ዘዴውም ያው ነው፤ የተለወጠው እቁቡ የደረሰበት ዓመት ብቻ ነው። በ2021 መጨረሻ ላይ የትኛው ዓመት እንደሚመጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ከፋፍሎ መግዛትን እንደ ኢንሹራንስ ማየት ነው የሚሻለው። በአማካይ 275 ዶላር ገደማ ትከፍላላችሁ፤ በምላሹ እንደ 2022 ያለ ዓመት ከመጣ ጉዳቱ ይቀንስላችኋል። ግን የኢንሹራንሱን ጊዜ ልብ በሉ። ሽፋኑ ከወር ወደ ወር እየሳሳ ሄዶ በአሥራ ሁለተኛው ወር ያልቃል። ከዚያ በኋላ ገንዘባችሁ ሁሉ ገበያ ውስጥ ነው፤ በአሥራ አራተኛው ወር ገበያው 30 በመቶ ቢወርድ በአንዴ ካስገባው ሰው እኩል ትመታላችሁ። ስለዚህ የሚያስፈራችሁ «12,000ው 8,400 ሆኖ ባየው አልችልም» የሚለው ከሆነ መድኃኒቱ መከፋፈል አይደለም። መድኃኒቱ ከ12,000ው ለምሳሌ ግማሹን ብቻ አክሲዮን ውስጥ አስገብቶ የቀረውን ቁጠባ ላይ መተው ነው። ብዙ ጀማሪዎች ይህን ሁለት ነገር ያምታቱታል።

ከዘዴው ይልቅ የሚጎዳው ግን መሐል መንገድ ላይ መተው ነው። በ2021 መጨረሻ ከፋፍሎ መግዛት የጀመረው ሰው እስከ ነሐሴ 2022 (ኦገስት ማለቴ ነው) ዘጠኝ ጊዜ አስገብቷል። በሴፕቴምበር 30 ሒሳቡን ሲከፍት 9,000 ዶላሩ 7,600 ገደማ ሆኗል። በዕቅዱ መሠረት አሥረኛውን ሺህ ማስገባት ያለበት በዚያው ቀን ነው፤ ኢንዴክሱ በዓመቱ ከገዛባቸው ዋጋዎች ሁሉ ዝቅተኛው ላይ፣ 3,586 ላይ ነበር። ተስፋ ቆርጦ በዚያ ቀን ሸጦ ቢወጣ ካላስገባው 3,000 ጋር 10,600 ገደማ ይዞ ይቀራል። ዓይኑን ጨፍኖ ቢቀጥል ኖሮ በ2023 መጨረሻ 13,860 ይኖረው ነበር። በአንዴ አስገብቶ ምንም ያልነካው «ዕድለ ቢሱ» ሰው እንኳ በዚያን ጊዜ ወደ 12,000ው ተመልሷል፤ ሸጦ ከወጣው ይበልጣል። ስለዚህ መከፋፈልን ከመረጣችሁ ቀኑንና መጠኑን ዛሬውኑ በአውቶማቲክ አስሩት፤ በየወሩ «ልግዛ ወይስ ልጠብቅ» የምትሉ ከሆነ ዕቅድ የላችሁም።

ሌላ ቀላል የምትመስል ስሕተት አለች። ገንዘብን ከባንክ ወደ ብሮከሬጅ ሒሳብ ማዛወርና ፈንዱን መግዛት ሁለት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። ማዛወሩን ብቻ አውቶማቲክ አድርጎ ግዢውን የረሳ ሰው ገንዘቡ ለወራት በጥሬው ይቀመጣል። ለማወቅ ሒሳባችሁ ውስጥ የያዛችሁትን ዝርዝር ክፈቱ፤ የፈንዱ ድርሻ ቁጥር በየወሩ ካልጨመረ፣ የጨመረው ጥሬ ገንዘቡ ብቻ ከሆነ፣ አልገዛችሁም።

አሁን ከላይ ቀለል አድርጌ ያለፍኩትን ልመልሰው። የደረሳችሁ የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው ዕጣ ቢሆንስ? ያን ጊዜ 12,000ው በሙሉ የእናንተ አይደለም። የራሳችሁ አንድ ሺህ ብቻ ነው፤ 11,000ው ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ በሚቀጥሉት አሥራ አንድ ወራት ከደሞዝ ትከፍሉታላችሁ። ይህንን በአንዴ ገበያ ውስጥ ማስገባት በብድር አክሲዮን መግዛት ነው። ገበያው በወረደበት ወር ሥራ ካጣችሁ የእቁቡን ለመክፈል በኪሳራ ትሸጣላችሁ፤ ዳኛው ደግሞ ገበያው እስኪያገግም አይጠብቅም። በዚህ ሁኔታ ከሦስት ጊዜ ሁለቱን የሚለው ስሌት አይሠራም፤ ስሌቱ ቆዩ ቢባል መቆየት የሚችል ሰውን ነው የሚያስበው።

አዲስ አበባ ሆናችሁ የምታነቡም ይህን ድምዳሜ እንዳለ አትውሰዱት። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በይፋ የተከፈተው በጃንዋሪ 2025 እ.ኤ.አ. ነው። የአሜሪካው ውጤት የመጣው ከሰማንያ ዓመት በላይ መረጃና በመቶ ከሚቆጠሩ ኩባንያዎች ነው፤ በአንድ ባንክ አክሲዮን ላይ አይሠራም። የመጠበቅ ዋጋን ለማስላት ያባዛነው ግን እዚያም ያው ነው፤ የምትለውጡት 5 በመቶ ያልነውን ቁጥር ነው።

እኔ የመጨረሻው ዕጣ ቢደርሰኝ? ራሴን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ትናንት ሌሊት አንድ ሰው 12,000ውን በሙሉ ፈንዱ ውስጥ አስገብቶልኝ ቢያድር፣ ጠዋት ተነሥቼ ሁሉንም ሸጬ በየወሩ እንደገና እገዛለሁ ወይ? አልገዛም፤ ስለዚህ በአንዴ አስገባለሁ። እናንተ «አዎ፣ እሸጣለሁ» ካላችሁ ግን መጀመሪያ የምታስተካክሉት መጠኑን ነው፤ 12,000 በዝቶባችኋል ማለት ነው። መጠኑን ቀንሳችሁም እጃችሁ ካልተፈታ ለስድስት ወር ክፈሉት፤ አማካይ ቆይታው ወደ 2.5 ወር፣ ከ12,000ው የሚታጣውም በያዝነው ግምት ወደ 125 ዶላር ይወርዳል።