ጉግል ላይ ያሉ ፎቶዎችን ስለ ማውጣት፦ ተረትና እውነታ

ተረት፦ ፎቶዎቼ ስልኬ ላይ ስለሚታዩኝ አካውንቱን ብሰርዘውም አይጠፉም።

እውነታ፦ በጉግል ፎቶስ የሚታየው ሁሉ ስልኩ ውስጥ የለም። «Free up space» የሚለውን አንድ ጊዜ የነካ ሰው፣ ወደ ጉግል የተላኩትን ፎቶዎች ከስልኩ አጥፍቷቸዋል። አካውንቱ ሲሰረዝ ጉግል ላይ የቀረው ቅጂ አብሮ ይሄዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ዳታና ዋይፋይ አጥፍታችሁ የቆየ ቪዲዮ ክፈቱ። አልጫወት ካለ ስልኩ ላይ የለም።

ተረት፦ ማውጣት ማለት አንድ ቁልፍ ተጭኖ መጨረስ ነው።

እውነታ፦ መነሻው የጉግል ቴክአውት ገጽ takeout.google.com ነው። መጀመሪያ የሁሉንም ምርጫ አንሡና ፎቶስን ብቻ ምረጡ። ፋይሉ የት ይላክ ሲባል ድራይቭን አትምረጡ፤ ድራይቭም የምትሰርዙት አካውንት ውስጥ ስለሆነ አብሮ ይጠፋል። ማውረጃ ሊንክ በኢሜይል ይላክላችሁ። 30 ጊጋባይት ፎቶ ያለው ሰው የ50 ጊጋባይት ዚፕ ከመረጠ ሁሉም በአንድ ፋይል ይመጣል፤ መስመሩ መጨረሻ ላይ ከተቋረጠ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ሊሆን ይችላል። 2 ጊጋባይት ከመረጠ ወደ 15 ፋይሎች ይመጡለታል፣ የተበላሸችውን ብቻ ደግሞ ያወርዳል። ለኛ አገር ኢንተርኔት የምመክረው ይህንን ነው። ዝግጅቱ ሰዓታት ወይም ቀናት ይወስዳል፤ ሊንኩ ደግሞ ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ይዘጋል።

ዚፑ ሲከፈት አንዳንዱ ፎቶ ዛሬ የተነሣ ይመስላል፤ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ፋይሉ የተፈታበትን ቀን ስለሆነ ነው። ትክክለኛው ቀን በየፎቶው አጠገብ ባለው .json ፋይል ውስጥ ተጽፏል። የማይረቡ መስለዋችሁ እነዚህን ፋይሎች አትሰርዟቸው።

ተረት፦ አካውንት ሲቆለፍ ገንዘብ የሚከፈለው ባለሙያ ፎቶውን ያወጣዋል።

እውነታ፦ የይለፍ ቃል ጠፍቶ መግባት ካልተቻለ ማውጣትም አይቻልም። ወደ አካውንቱ የመመለሻው መንገድ የጉግል የማስመለሻ ገጽ g.co/recover ብቻ ነው፤ ሙከራውም ዘወትር በምትጠቀሙበት ስልክና ቦታ ቢሆን ይሻላል። በመልእክት የመጣላችሁን ኮድ የሚጠይቃችሁ ሰው ሌባ ነው። ይልቅ ከአካውንቱ ያልወጣችሁበት አሮጌ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ፈልጉ። ካገኛችሁ ከአካውንቱ አትውጡ፤ ቴክአውት የይለፍ ቃል ቢጠይቅም እንኳ በጉግል ፎቶስ መተግበሪያ ፎቶዎቹን እያወረዱ ማስቀመጥ ይቻላል።

ጉግል ራሱ ያገደው አካውንት ግን ሌላ ነው። የይለፍ ቃሉን የሚያውቅ ባለቤት ሲገባ፣ የተወሰነ መረጃ እንዲያወርድ ሊፈቀድለት ይችላል። አካውንቱ ተጠልፎ ከሆነ፣ የሕግ ጥያቄ ካለበት ወይም የታገደው እንደ ሕፃናት ወሲባዊ ምስል ባለ ከባድ ጥፋት ከሆነ ይከለከላል።

የተሰረዘ አካውንት በቶሎ ከተሞከረ አንዳንዴ ይመለሳል፤ ጊዜው ካለፈ ግን የሚመልሰው የለም። ስለዚህ የመጨረሻዋን ዚፕ ከፍታችሁ ፎቶዎቹን በዓይናችሁ ሳታዩ አካውንቱን አትሰርዙ።