ጀግናው፣ ሽፍታው፣ ጠቢቡ፦ የብራንድ ባሕርይ መምረጫው የት ይረዳል፣ የት ያሳስታል?

አንድ ድርጅት አርማውን ለማደስ ወይም ማስታወቂያ ለማሠራት ወደ ባለሙያ ሲሄድ ከሚቀርቡለት ጥያቄዎች አንዱ «ድርጅታችሁ ሰው ቢሆን ምን ዓይነት ሰው ይሆን ነበር?» የሚለው ነው። መልሱም ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አርኪታይፕ ከተባሉት 12 የሰው ዓይነቶች መካከል ነው። እነዚህ በየአገሩ ተረትና ታሪክ ውስጥ ደጋግመው የሚመጡ ገጸ ባሕርያት ናቸው፦ የዋሁ፣ አሳሹ፣ ጠቢቡ፣ ጀግናው፣ ሽፍታው፣ አስማተኛው፣ ተራው ሰው፣ አፍቃሪው፣ ቀልደኛው፣ ተንከባካቢው፣ የፈጠራው ሰውና ገዢው።

ይህን ዝርዝር በንግዱ ዓለም ያስፋፉት ማርጋሬት ማርክና ካሮል ፒርሰን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ ነው። አርኪታይፕ የሚለውን ሐሳብ በሥነ ልቦና የታወቀ ያደረገው ስዊዘርላንዳዊው ካርል ዩንግ ቢሆንም፣ 12ቱን ቆጥሮ ያስቀመጠው እርሱ አይደለም። ስለዚህ ዝርዝሩን እንደ ሥራ መሣሪያ እንጂ በሳይንስ እንደተረጋገጠ የሰው ልጅ ካርታ ማየት አይገባም።

የሚረዳበት ቦታ

መሣሪያው በደንብ የሚሠራው በአንድ ድርጅት ስም ብዙ ሰዎች በሚናገሩበት ጊዜ ነው። የአንድ ባንክ የሞባይል አገልግሎት ተቋረጠ እንበል። ለደንበኞች የሚላከውን መልእክት የሚጽፈው ሠራተኛ እንደ ተንከባካቢ ከተናገረ «ገንዘብዎ አልተነካም፤ አይስጉ። የቸኮለ ክፍያ ካለዎት ይደውሉልን፤ እናግዝዎታለን» ይላል። እንደ ጠቢብ ከተናገረ ደግሞ «አገልግሎቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ምክንያቱ የኔትወርክ መቋረጥ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት ይመለሳል» ይላል። ሁለቱም ጥሩ መልእክቶች ናቸው። ነገር ግን ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን የሚናገር ባንክ ደንበኛው የሚያውቀው ባሕርይ አይኖረውም። አርኪታይፑ ጸሐፊውን፣ የስልክ መልስ ሰጪውንና የማስታወቂያ ሠሪውን በአንድ ድምፅ ያስማማል።

ሆኖም ምርጫው ከቃላት ያለፈ ግዴታ ያመጣል። «ይደውሉልን» ያለ ባንክ ስልኩን የሚያነሣ ሰው ሊኖረው ይገባል። ከሌለው ተንከባካቢ ነኝ ማለቱ የደንበኛውን ቁጣ ያብሳል እንጂ አያበርድም።

ሃርሊ ዴቪድሰን የሚያስተምረው

ስለ አርኪታይፕ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ሽፍታውን ለማስረዳት ከሁሉ አብልጠው የሚጠቅሱት ሃርሊ ዴቪድሰንን ነው። የሚተላለፈው ትምህርት ባጭሩ «ሃርሊ የሽፍታነትን ባሕርይ መረጠ፤ በዚህም ገዢዎች አምላኪዎቹ ሆኑ» የሚል ነው። የድርጅቱ ታሪክ ሲታይ ግን ነገሩ እንዲህ አልሄደም።

ሃርሊ በ1903 በሚልዋኪ ከተማ ሲቋቋም ሽፍታ የመሆን ዓላማ አልነበረውም። ለአሥርተ ዓመታት ትልልቅ ደንበኞቹ ከነበሩት መካከል የፖሊስ መምሪያዎችና ጦር ሠራዊቱ ይገኙበታል። የሽፍታው ስም የመጣው ከውጭ ነው። በ1947 በካሊፎርኒያዋ ሆሊስተር ከተማ ሞተረኞች ያስነሡት ረብሻ በ«ላይፍ» መጽሔት ፎቶግራፍ አገሩን አዳረሰ። ቀጥሎ በ1953 ሆሊውድ በዚሁ ላይ የተመሠረተ ፊልም ሠራ፤ ሕግ የማይገዛቸው የሞተረኛ ቡድኖችም ሃርሊን መለያቸው አደረጉ። በ1969 «ኢዚ ራይደር» የተባለው ፊልም በሃርሊ ሞተሮች አሜሪካን የሚያቋርጡ ሁለት ወጣቶችን ሲያሳይ ዝናው ከፍ አለ።

በዚያው ዓመት ድርጅቱ ኤ ኤም ኤፍ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። በቀጣዮቹ ዓመታትም የሞተሮቹ ጥራት ወረደ፤ ዘይት የሚያፈሱና ቶሎ የሚበላሹ ሆኑ፤ ገበያውንም ጃፓኖች ወሰዱት። የሽፍታው ስም በገነነበት ዘመን ድርጅቱ ወደ ኪሳራ እየተንሸራተተ ነበር ማለት ነው። ባሕርዩ ብቻውን አላዳነውም።

ያዳነውን ስናይ፣ በ1981 አሥራ ሦስት ኃላፊዎች ድርጅቱን መልሰው ገዙት። የአመራረት ሥርዓቱን ከጃፓኖች በተማሩት ዘዴ አስተካከሉ። በ1983 የአሜሪካ መንግሥት ከ700 ሲሲ በላይ በሆኑ የውጭ ሞተሮች ላይ የነበረውን ቀረጥ ከ4.4 ወደ 49.4 በመቶ አሳደገላቸው። በዚሁ ዓመት የባለቤቶች ማኅበር አቋቁመው ደንበኞችን እርስ በርስ አስተዋወቁ። ሰዎች ያወረሱት የሽፍታነት ስም ጥቅም የሰጠው ሞተሩ ዘይት ማፍሰሱን ካቆመ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ የመሣሪያው የመጀመሪያ ወጥመድ ይታያል። በሥልጠና የሚጠቀሱት ምሳሌዎች ሁሉ ያሸነፉ ብራንዶች ናቸው፤ ባሕርዩም የሚለጠፍባቸው ካሸነፉ በኋላ ነው። ሽፍታ ነኝ ብለው የወደቁት ስለማይጠቀሱ፣ የውጤቱ ምክንያት ባሕርዩ መስሎ ይታያል። በዚያ ላይ አንዱ ብራንድ በብዙ ስም ሊጠራ ይችላል፦ ሃርሊን ፖሊስ ሲነዳው ገዢ፣ በረጅም ጎዳና ላይ አሳሽ፣ በማኅበሩ ውስጥ ተራው ሰው ብንለው የሚከለክለን የለም። ለማንኛውም ውጤት የሚስማማ ማብራሪያ አስቀድሞ ለመወሰን ብዙም አይረዳም።

ሁሉም አንድ ሲሆኑ

ሁለተኛው ወጥመድ መመሳሰል ነው። አንድ የታሸገ ውሃ ፋብሪካ አርኪታይፕ ቢመርጥ የመጀመሪያ ሐሳቡ የዋሁ ይሆናል፦ ንጽሕና፣ ተራራ፣ ሰማያዊ ቀለም፣ ሕፃናት። ተፎካካሪውም ይህንኑ ይመርጣል፤ የውሃ ባሕርይ ወደዚያ ይገፋልና። በመደርደሪያው ፊት የቆመው ገዢ የሚያየው አንዱን ከሌላው መለየት የሚቸግር የሰማያዊ ጠርሙስ ሰልፍ ነው። ገበያ አጥኚው ባይረን ሻርፕ ደጋግሞ እንደሚያስረዳው ደግሞ ገዢ ብራንድን የሚያገኘው በዋናነት በቀላሉ በሚለይ ምልክቱ ነው፤ በቀለሙ፣ በቅርጹ፣ በድምፁ። አርኪታይፑ የተመረጠው ምልክት ከባሕርዩ ጋር ይስማማ እንደሆነ ይነግራል፤ ከጎረቤቱ ይለይ እንደሆነ ግን አይነግርም።

ሽፍታው በየአገሩ

ሦስተኛው ወጥመድ ገጸ ባሕርያቱ በየአገሩ አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ነው። ጄኒፈር ኣከር በ1997 የአሜሪካ ብራንዶችን ባሕርይ ስታጠና ካገኘቻቸው አምስት ዘርፎች አንዱ ጠንካራነት፣ ማለትም የበረሃና የገጠር ወንድነት ነበር። ከባልደረቦቿ ጋር በ2001 ባወጣችው ጥናት ግን ይህ ዘርፍ በጃፓን አልተገኘም፤ በቦታው ሰላማዊነት ታየ።

በእኛም ታሪክ ሽፍታው የአሜሪካው ሕግ ጠል ብቸኛ ሰው ብቻ አይደለም። ካሳ ኃይሉ ቋራ ላይ ሸፍቶ በ1855 ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነግሧል። ሽፍታ ለአንዱ የተበደለ ጀግና፣ መንገድ ላይ ለተዘረፈው ነጋዴ ደግሞ ቀማኛ ነው። ከውጭ የመጣውን ካርድ እንዳለ የሚወስድ ማስታወቂያ ሠሪ የትኛውን እንደቀሰቀሰ ሳያውቅ ይቀራል።

ታዲያ እንዴት እንጠቀምበት?

ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ነው። መጀመሪያ ድርጅቱ በእርግጥ የሚያደርገውንና ደንበኞች ያለ ልመና የሚናገሩለትን መመዝገብ። ቀጥሎ ምርጫውን ከባለቤቱ ምኞት ማላቀቅ፤ በስብሰባ ላይ የሚመረጠው ጀግና ብዙ ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ራሱን የሚያይበት መልክ ነውና። ከዚያ የተጻፈውን መልእክት በተፎካካሪው ስም አንብቦ መሞከር፤ ምንም ካልተለወጠ ገና ባሕርይ አልተገኘም። በመጨረሻም ባሕርዩ ድርጅቱን ምን እንደሚያስገድደውና ምን እንደሚከለክለው በጽሑፍ ማስቀመጥ። የሚያስከፍለው ነገር የሌለ ባሕርይ በስብሰባው አዳራሽ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አልፎ ደንበኛው ዘንድ አይደርስም።