ዜና ለምን ከግርጌው ይቆረጣል?

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 14 ቀን 1865 ምሽት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ዋሽንግተን በሚገኘው የፎርድ ቴአትር ቤት ተውኔት እየተመለከቱ ሳለ በጥይት ተመቱ። የአሶሽየትድ ፕሬስ ዘጋቢው ሎውረንስ ጎብራይት መጀመሪያ በቴሌግራፍ የላከው አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቴአትር ቤት ውስጥ በጥይት እንደተመቱና ቁስሉም ለሞት የሚያደርስ ሳይሆን እንደማይቀር ይናገራል።

በዚያው ሌሊት ያዘጋጀው ረዘም ያለ ዘገባ ግን መልኩ ሌላ ነው። ሊንከንና ባለቤታቸው ተውኔት ለማየት መሄዳቸውን በመናገር ይጀምራል። ጄኔራል ግራንትም እንደሚገኙ በጋዜጣ ተነግሮ እንደነበር፣ እሳቸው ግን በባቡር ወደ ኒው ጀርሲ እንደሄዱ ይቀጥላል። አዳራሹ በሰው ተጨናንቆ ነበር፤ ተመልካቹም ደስ ብሎት ነበር። የሽጉጥ ድምፅ የሚሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህ ረዥሙ ዘገባ አራት መስመር ብቻ ቦታ ለቀረው ጋዜጣ ቢደርስና አርታኢው ከግርጌው ቢቆርጠው፣ አንባቢ ጄኔራሉ በባቡር መሄዳቸውን አውቆ ፕሬዚዳንቱ መመታታቸውን ሳያውቅ ይቀር ነበር። ቴሌግራፍ ውድና የሚቋረጥ ስለነበር ዜና በዋናው ነገር እንዲጀምር አደረገ ሲባል እንሰማለን። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። አንድ ሰው በአንድ ሌሊት ሁለቱንም ዓይነት ጽፏልና። የተገለበጠው ፒራሚድ የዜና ክፍሎች የዘወትር ልማድ የሆነው ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ነው።

የተገለበጠ ፒራሚድ ሰፊው ጎኑ ከላይ፣ ጫፉ ከታች ነው። ክብደት ያለው ፍሬ ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ይቀመጣል፤ ከዚያ እሱን የሚያብራራው፣ በመጨረሻም ቢቀር ዜናውን የማያጎድለው ይከተላል። የጎብራይትን ዘገባ በዚህ መንገድ እንደገና እንደርድረው። አንደኛው አንቀጽ ፕሬዚዳንቱ መመታታቸውን፣ ሕይወታቸው አስጊ ሁኔታ ላይ መሆኑንና ገዳዩ ማምለጡን ይይዛል። በዚያው ምሽት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሰዋርድም ቤታቸው ውስጥ በስለት ተወግተዋልና ሁለተኛው አንቀጽ የእሱ ነው። ሦስተኛው ገዳዩ ከኋላ ገብቶ እንደተኮሰ፣ ጩቤ ይዞ ወደ መድረኩ እንደዘለለ ያስረዳል። አዳራሹ መሙላቱና የግራንት ጉዞ ግርጌ ላይ ይወርዳሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ለዘለዓለም የተወሰነ አይደለም። ገዳዩ ግራንትንም ለመግደል አስቦ እንደነበር ከታወቀ በኋላ ያ ተራ የመሰለ የባቡር ጉዞ ወደ ላይ መውጣት ይገባዋል።

አርታኢው ከግርጌ የሚቆርጠው ጊዜ ስለሌለው ነው። ጋዜጣ በእርሳስ ፊደል ይታተም በነበረበት ዘመን ገጽ የሚያዋቅረው ሠራተኛ ዘገባው ከዓምዱ ሲተርፍበት የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንሥቶ ያስወግድ ነበር። ከመሀል ቢነሣ ግን የተረፈው ዓረፍተ ነገር ይቆራረጣል፤ አንቀጹ እንደገና ይለቀማል፤ «እሳቸው» የተባሉት ማን እንደሆኑ ይጠፋል። የዜና አገልግሎቶች ደግሞ አንዱን ዘገባ ለብዙ ጋዜጦች ስለሚልኩ አንዱ ሃያ መስመሩን፣ ሌላው አምስቱን ብቻ ያወጣል። ሁለቱም ሳይጨነቁ መቁረጥ የሚችሉት ዘጋቢው አስቀድሞ ስለደረደረላቸው ነው። ዛሬ እርሳሱ ቀርቷል፤ የገጽ ልክና የሰዓት ጥድፊያ ግን አልቀሩም።

በአማርኛ ስንጽፍ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግሳችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ የባለሥልጣኑን ማዕረግ፣ የስብሰባውን ስምና ቦታውን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ካጨቅን ዋናው ነገር በመጀመሪያው አንቀጽ ውስጥ እያለም ይዘገያል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አጭር ይሁን፤ ማዕረጉ ለሁለተኛው ይተርፋል።

ከሁሉ የከፋው ስሕተት ግን ግርጌ ላይ መቅረት የሌለበትን ነገር ማስቀመጥ ነው። አንድ ነጋዴ ገንዘብ አጭበርብሯል ተብሎ ተከሰሰ እንበል። ክሱ ከላይ፣ «አላደረግሁም» ያለው ቃሉ በመጨረሻው አንቀጽ ከተጻፈ፣ ሁለት መስመር የቀነሰ አርታኢ ሳያስበው ሰውየውን አንደበት አልባ ያደርገዋል። መግቢያው ሦስት ምክንያቶች አሉ ብሎ ሦስተኛው ሲቆረጥም አንባቢ ይታለላል። መፈተኛው ቀላል ነው። የመጨረሻውን አንቀጽ በእጅ ሸፍኖ ማንበብ፤ ከዚያ ከእሱ በላይ ያለውን ሸፍኖ መድገም። የቀረው ጽሑፍ በእያንዳንዱ ደረጃ እውነተኛና ሚዛናዊ ሆኖ ከተገኘ ዘገባው ለመቆረጥ ዝግጁ ነው።

ይህ አደራደር ለትረካና ለሰው ታሪክ አይሆንም፤ እነሱን ከሥር መቁረጥ መጨረሻቸውን ማጥፋት ነው። የክስ ዜና ስታነቡ ግን የተከሳሹን ምላሽ ፈልጉ። ከሌለ፣ ማንም ሳይጠይቀው ቀርቶ ይሁን ወይም ከግርጌ ተቆርጦ፣ ፍርዳችሁን አቆዩ።