አባሪው የቀረ ኢሜይል

አንድ የወንበር አቅራቢ ፕሮፎርማውንና የንግድ ፈቃዱን ለአንድ መሥሪያ ቤት የግዢ ባለሙያ በኢሜይል ላከ እንበል። በሳምንቱ ባለሙያዋ «ለኮሚቴው ሰብሳቢም ይላኩላቸው» አለችው። እሱም የቀድሞውን ኢሜይል ከፍቶ Reply ተጫነ፣ የሰብሳቢውን አድራሻ ጨመረ፣ «ሰነዶቹ ከዚህ ጋር ተያይዘዋል» ብሎ ላከ። ሰብሳቢው ግን ጽሑፉን ብቻ አገኙ።

ግራ የሚያጋባው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። ሰብሳቢው «ምንም አልደረሰኝም» ይላሉ፤ ባለሙያዋ «እኔ ዘንድ አለ» ትላለች፤ አቅራቢው ደግሞ መላኩን እርግጠኛ ነው። ማንም አልዋሸም። Reply ሲባል የቀድሞው መልእክት ጽሑፍ ከታች ተከትሎ ይሄዳል፣ ፋይሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ኋላ ይቀራል። ፋይሉን ይዞ የሚሄደው Forward ነው። ባለሙያዋ የምታየው የሳምንቱን የመጀመሪያ መልእክት አባሪ ነው።

ሰብሳቢው ስልካቸው ላይ ብቻ አይተው ከሆነ በኮምፒውተርም ይመልከቱት። ከዚያ የጎደለውን በስሙ ይጥሩ፦ «ፕሮፎርማውና የንግድ ፈቃዱ ተያይዘዋል ቢልም ሁለቱም አልደረሱኝም። የማቅረቢያው ጊዜ ነገ 9 ሰዓት ያበቃል።» «ፋይሉ እምቢ አለኝ» ካሉ ግን አቅራቢው ሰነዱ ደርሶ ያልተከፈተ ይመስለውና የፋይሉን ዓይነት ሲቀያይር ይውላል።

አቅራቢው መጀመሪያ የሚያየው Sent የሚለውን ማኅደር ነው። የላከውን መልእክት ሲከፍት ከሥሩ ፋይል ከሌለ ጉድለቱ ከእሱ ዘንድ ነው። ፋይሉ እዚያ ካለ ግን ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት፤ አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች የሚጠቀሙበት የደኅንነት ማጣሪያ አባሪውን አስቀርቶ ጽሑፉን ያሳልፋል። ማኅተም ያረፈባቸው ስካኖች ሲከብዱም ችግር አለ። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ የሆነውን አባሪ በሊንክ ይተካዋል፤ ተቀባዩ ሊንኩን የማየት ፈቃድ ካልተሰጠው ደጅ ይቀራል።

ማስተካከያው በዚያው የመልእክት ሰንሰለት ላይ ቢላክ ይሻላል፤ በአዲስ ርዕስ ከመጣ ኮሚቴው ከየትኛው ጋር እንደሚያያይዘው አያውቅም። ጂሜይልና አውትሉክ አባሪ ሲረሳ ያስታውሳሉ፤ የሚነቁት ግን በሚያውቋቸው ቃላት ስለሆነ በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው አስተማማኝ አይደሉም።

እኔ የምመርጠው መዝገብ ቤቶቻችን በወረቀት ደብዳቤ ላይ የለመዱትን ነው፤ አባሪውን ከነገጹ ብዛት መጻፍ። አቅራቢው «አባሪ 2፦ ፕሮፎርማ 1 ገጽ፣ የንግድ ፈቃድ 1 ገጽ» ብሎ ቢጽፍ፣ ራሱ ከመላኩ በፊት ይቆጥራል፤ አንዱ ብቻ ሲደርሳቸውም ሰብሳቢው የትኛው እንደጎደለ ወዲያው ያውቃሉ። እሳቸውም ሰነዶቹን ከፍተው ገጾቹን ካዩ በኋላ «ሁለቱም ደርሰውኛል» ብለው ይመልሱለት።